ስፋቱ ሲስማማ ዙሪያው ለምን ተለያየ?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ እንደምን ዋሉ። የምጽፍልዎ ከሐረር ነው። ልጄ በወርክሺቷ ላይ ቤት የሚመስል ቅርጽ ተሰጥቷት ስፋቱንና ዙሪያውን አውጪ ተብላለች። እሷ አግድም ከፋፍላ ስፋቱን 124፣ ዙሪያውን 80 አገኘች። ታላቅ ወንድሟ ደግሞ ቁልቁል ከፍሎ ስፋቱ ያው 124 ወጣለት፤ ዙሪያው ግን 78 ሆነ። የመልስ ወረቀቱ 124 እና 56 ይላል። ሁለቱም ስፋቱን አግኝተው ዙሪያውን እንዴት ይስታሉ? ወይስ የተሳሳተው መልሱ ነው? በሚቀጥለው ጥያቄ ላይ ደግሞ ያዘመመው ጎን ቁጥር የለውም፤ ልጄ 6 ብላ ሞልታዋለች። ፎቶውን አያይዣለሁ።»

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። የመልስ ወረቀቱ ልክ ነው። ልጆችዎም ቢሆኑ ድምር አልተሳሳቱም፤ ሥራቸውን ቁጥር በቁጥር ተከትዬ አየሁት፣ 80ውም 78ቱም በትክክል የተደመሩ ናቸው። የሳቱት ምን መደመር እንዳለበት ነው። ሁለቱም የደመሩት ቅርጹ ከተከፋፈለ በኋላ የየቁራጩን ዙሪያ ነው፤ የተጠየቁት ግን ያልተከፋፈለውን የቅርጹን ዙሪያ ነበር። ለስፋት ይህ ልዩነት ምንም አያመጣም፣ ለዙሪያ ግን ሁሉን ነገር ይለውጣል።

ፎቶውን ለማያዩ አንባቢዎች ቅርጹን በቃል ልግለጸው። ከታች 14 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወለል አለ። የግራው ግድግዳ ቀጥ ብሎ 12 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። የቀኙ ግድግዳ ግን 5 ብቻ ወጥቶ ያቆምና ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ጥቂት አግድም ከሄደ በኋላ እንደገና ወደ ላይ ይነሣል። ስለዚህ ከግራ በኩል ረጅም ቤት፣ ከቀኝ በኩል ዝቅ ያለ ማጀት የተቀጠለበት ይመስላል። በረጅሙ ቤት ላይ ጎነ ሦስት ጣሪያ አለ፤ ሁለቱ ያዘመሙ ጎኖቹ 5 እና 5 ናቸው። የጣሪያው መሠረት በተቆራረጠ መስመር ተሰምሮ 6 ተጽፎበታል፤ ከጫፉ ወደ መሠረቱ የሚወርደው ቁመትም እንዲሁ በተቆራረጠ መስመር ተሰምሮ 4 ተጽፎበታል። ሁለት ጎኖች ላይ ምንም ቁጥር የለም፤ እነሱም የማጀቱ ጣሪያ የሆነው አግድም መስመርና ከእሱ ላይ ወደ ረጅሙ ቤት ጣሪያ የሚነሣው ቁም መስመር ናቸው።

ለመነጋገር እንዲመቸን ማዕዘኖቹን እንሰይማቸው። ከታች ከግራው ማዕዘን ሀ ብለን እንጀምርና ወደ ቀኝ ሄደን ለ፣ ወደ ላይ 5 ወጥተን ሐ፣ ወደ ግራ ታጥፈን መ፣ ወደ ላይ ሠ፣ የጣሪያው ጫፍ ረ፣ ጣሪያው በግራ ግድግዳ ላይ የሚያርፍበት ሰ። ከሰ ቁልቁል ወርደን ሀ ላይ እንገጥማለን። ሰባት ማዕዘን ነው፣ ሰባት ጎን ነው።

ቁጥር ያልተጻፈባቸውን ሁለቱን እናውጣ። ወለሉ 14 ነው፤ ከላይ ደግሞ ረጅሙ ቤት 6 ይይዛል፤ የቀረው የማጀቱ ነው፤ ስለዚህ ከሐ እስከ መ 14 − 6 = 8 ነው። የግራው ግድግዳ 12 ነው፤ በቀኝ በኩል 5 ቀድሞ ወጥቷል፤ ስለዚህ ከመ እስከ ሠ 12 − 5 = 7 ነው። ልጆችዎ ሁለቱንም በትክክል አውጥተዋል። ብዙ ልጆች የሚወድቁት እዚህ ላይ ስለሆነ የእናንተ ቤት ችግር ከዚህ ያለፈ ነው ማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ያልተጻፈ አግድም ጎን የሚገኘው ከአግድም ጎኖች ብቻ ነው፣ ያልተጻፈ ቁም ጎንም ከቁሞቹ ብቻ። 14 − 5 ብሎ 9 ያገኘ ልጅ አግድሙን ከቁሙ ጋር ቀላቅሏል።

አሁን ስፋቱ። ልጅዎ አግድም ስትከፍል መስመሯን ከመ ተነሥታ ወደ ግራ እስከ ግድግዳው አሰመረች። ከታች 14 በ5 የሆነ ሬክታንግል ወጣላት፤ 70 ካሬ ሴንቲ ሜትር። ከላይ 6 በ7 የሆነ ሬክታንግል፤ 42። ጣሪያው 6 × 4 ÷ 2 = 12። ድምሩ 124። ወንድሟ ከዚያው ከመ ተነሥቶ መስመሩን ቁልቁል እስከ ወለሉ አወረደ። በግራ 6 በ12 የሆነ ሬክታንግል፤ 72። በቀኝ 8 በ5፤ 40። ጣሪያው ያው 12። ድምሩ እንደገና 124።

ሁለቱም ከመ መነሣታቸው ጥሩ ነው። መ ወደ ውስጥ የገባ ማዕዘን ነው፤ በዚህ ቅርጽ ላይ እንደዚህ ያለው እሱ ብቻ ነው። መክፈያው መስመር ወደ ውስጥ ከገባ ማዕዘን ተነሥቶ አንዱን ጎን አስረዝሞ ከሄደ ቁራጮቹ ንጹሕ ሬክታንግል ሆነው ይወጣሉ። ከሌላ ቦታ የጀመረ ልጅም መልሱን አያጣም፤ ግን አንድ ትርፍ ቁራጭ ያተርፋል፣ በዚያ ቁራጭ ላይም ለመሳሳት አንድ ትርፍ ዕድል።

ወደ ዙሪያው እንምጣ። እዚህ ላይ ከማስረዳት ማሳየት ይሻላል። ልጅዎ ቅርጹን በባለ ካሬ ደብተር ወረቀት ላይ፣ አንዷን ካሬ እንደ አንድ ሴንቲ ሜትር ቆጥራ ትሣለው፤ 14 ካሬ ወደ ጎን፣ 16 ካሬ ወደ ላይ ይበቃታል። ከዚያ በመቀስ ትቁረጠው። በእጇ ያለው ወረቀት ጠርዙ 56 ነው። ቀጥላ ጣሪያውን በመሠረቱ ላይ ትቁረጥ። መቀሱ የሄደው 6 ነው፤ ነገር ግን የተወለደው አዲስ ጠርዝ 6 ሳይሆን 12 ነው፤ ስድስቱ በጣሪያው ሥር፣ ስድስቱ በቤቱ አናት። ከመ ወደ ግራም ትቁረጥ፤ አሁንም መቀሱ 6 ሄደ፣ ጠርዝ 12 ተወለደ። ወረቀቱ ግን አልጨመረም፣ አልቀነሰም፤ ሦስቱን ቁራጮች መልሳ ብትገጥማቸው ያው ቅርጽ ነው። ስፋቱ 124 ሆኖ የቀረው ለዚህ ነው። ጠርዙ ግን 56 + 12 + 12 = 80 ሆነ። ልጅዎ ያገኘችው ቁጥር ይኸው ነው።

የወንድሟም እንዲሁ ነው። ጣሪያውን ሲቆርጥ 12 ተጨመረ። ከመ ቁልቁል እስከ ወለሉ ያለው ግን 5 ብቻ ስለሆነ የተጨመረው 10 ነው። 56 + 12 + 10 = 78። ሁለቱ ልጆች በ2 የተለያዩት የእሷ መስመር 6፣ የእሱ 5 ስለሆነ ነው፤ የአንድ ሴንቲ ሜትር ልዩነት፣ ሁለት ጊዜ። ሌላ ልጅ መጥቶ በሌላ መንገድ ቢከፍለው ሌላ ቁጥር ያመጣ ነበር። በእርሳስ አሰማመር የሚለዋወጥ ቁጥር ደግሞ የቅርጹ ዙሪያ ሊሆን አይችልም፤ ቅርጹ አልተለወጠምና።

እናንተ ሐረር ስላላችሁ ለልጅቱ ጁገልን ማሳየት ትችላላችሁ። በግንቡ ውስጥ ያለው ከተማ 48 ሄክታር ያህል ነው። በጥንቱ አከፋፈል ለአምስቱ በሮች አምስት ሰፈር ነበር፤ የአምስቱን ሰፈር መሬት ብንደምር የጁገልን መሬት እናገኛለን። የእያንዳንዱን ሰፈር ወሰን በእግራችን ዞረን ብንደምር ግን የግንቡን ርዝመት አናገኝም። ሁለት ሰፈር የሚዋሰኑበት ጠባብ መንገድ አንዴ ለዚህኛው፣ አንዴ ለዚያኛው ይቆጠራል፤ እሱ ደግሞ ግንብ አይደለም። ልጅቱ በወረቀቷ ላይ ያሰመረችው መስመር እንደዚያ የውስጥ መንገድ ነው።

እንግዲህ ከፋፍሎ የደመረ ልጅ ሥራውን መጣል የለበትም። የእያንዳንዱን የውስጥ መስመር ርዝመት ሁለት ጊዜ ይቀንስ፣ ትክክለኛው ይወጣል፦ 80 − 12 − 12 = 56፣ 78 − 12 − 10 = 56። ይህን አንድ ጊዜ ሁለቱም በየራሳቸው ሥራ ላይ ይሥሩት፤ ከሁለት የተለያየ ቁጥር ተነሥተው አንድ ቦታ ሲገናኙ ነገሩ ይገባቸዋል። የዘወትር ዘዴ አድርገው እንዲይዙት ግን አልመክርም። የውስጥ መስመሮቹ ሦስት አራት ሲሆኑ አንዱ ይረሳል፤ ደግሞም ለማይፈለግ ነገር መደመርና መቀነስ ነው።

እኔ በክፍል የማዝዘው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ስፋትና ዙሪያ አብረው ሲጠየቁ ልጆች ስፋቱ አስቀድሞ ስለተጻፈ ከእሱ ይጀምራሉ፤ ቅርጹን በእርሳስ ይከፋፍሉታል፤ ዙሪያው ላይ ሲደርሱ ወረቀቱ በራሳቸው መስመር ተሞልቷል። ያን ጊዜ የትኛው መስመር ከቅርጹ እንደሆነ፣ የትኛው ከእነሱ እንደሆነ ዓይን አይለይም። ስለዚህ ዙሪያው ይቅደም፤ በቅርጹ ውስጥ አንድም መስመር ሳይሰመር። ልጅቱ ጣቷን ሀ ላይ ታሳርፍና በጠርዙ ላይ ትሂድ፤ ባለፈችበት ጎን ሁሉ ቁጥሩን ትጻፍ፤ ሀ ላይ ስትመለስ ታቁም። 14፣ 5፣ 8፣ 7፣ 5፣ 5፣ 12። ጣቷ ወደ ውስጥ አልገባም፤ ስለዚህ 6ቱንም 4ቱንም አልረገጠም። ድምሩ 56።

መቁጠሪያም አለው። ማዕዘኖቹ ሰባት ናቸው፤ የተጻፉት ቁጥሮችም ሰባት መሆን አለባቸው። ስድስት ከሆኑ አንድ ጎን ተዘሏል፣ ብዙ ጊዜም የሚዘለለው ቁጥር ካልተጻፈባቸው ከ8 ወይም ከ7 አንዱ ነው። ስምንት ከሆኑ ከውስጥ መስመር አንዱ ሾልኮ ገብቷል። የጣሪያው ጫፍም ማዕዘን መሆኑን አትርሳ በሏት፤ ልጆች ሁለቱን ያዘመሙ ጎኖች እንደ አንድ «ጣሪያ» ቆጥረው 5 አንዴ ብቻ ይጽፋሉ።

ስለ ተቆራረጡት መስመሮች ትንሽ ልበል፤ የላኩልኝ ፎቶ ላይ ያየሁት ነገር አለ። ወርክሺቱ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ይመስላል፤ የጣሪያው መሠረት ቀለሙ ተገናኝቶ ቀጥ ያለ ሙሉ መስመር መስሏል። አዘጋጁ መስመሩን የቆራረጠው «ይህ ጎን አይደለም፣ ለስሌት እንዲረዳችሁ ነው» ለማለት ነበር፤ ያ መልእክት በኮፒው ጠፍቷል። ሌላው ምልክት ግን ተርፏል፦ ቁመቱ መሠረቱን በሚነካበት ቦታ ትንሿ ካሬ ትታያለች። እሷ ያለችበት መስመር ከመሠረቱ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርቷል፤ ቁመት የሚባለውም እንደዚያ ያለው ብቻ ነው። በጣሪያው ላይ 5 እና 4 ጎን ለጎን ተጽፈው ሳለ ለስፋቱ የሚያገለግለው 4 መሆኑ፣ ለዙሪያው ደግሞ 5 መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ሥራ ተከፋፍለዋል፤ 4 ዙሪያው ውስጥ አይገባም፣ 5 ደግሞ ለጣሪያው ስፋት አያስፈልግም።

ለምን ግማሽ እንደሚሆን ልጅቱ ከጠየቀችዎ የቆረጠችውን ጣሪያ በቁመቱ ላይ ለሁለት ትቁረጠው። አንዱን ግማሽ ገልብጣ ከሌላው ጋር ባዘመመው ጎን ብታጋጥመው 3 በ4 የሆነ ሬክታንግል ይሆናል፤ 12 ካሬ። ካሬዎቹን በጣቷ መቁጠር ትችላለች። መጀመሪያ ጣሪያው ላይ እያለ ብትቆጥር ግማሽና ሩብ የሆኑ ካሬዎች ያስቸግሯታል፤ ከተገለበጠ በኋላ ግን ሁሉም ሙሉ ይሆናሉ።

ለወላጅ የሚጠቅም አንድ የአስተማሪ ልማድ ላካፍልዎ። የተሳሳተ መልስ ሳይ ሥራውን ከማየቴ በፊት ቁጥሩን አያለሁ፤ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። በዚህ ቅርጽ ላይ ዙሪያው 51 ነው ያለ ልጅ በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሁሉ ደምሯል፤ 14፣ 5፣ 12፣ 5፣ 5፣ 6 እና 4። ይህ ልጅ ጎኖቹን አላያቸውም፣ ያየው ቁጥሮቹን ነው፤ በጣት መዞርን ከመጀመሪያው ማስለመድ ያስፈልገዋል። 62 ያለ ልጅ የጣሪያውን መሠረት ጎን አድርጎታል፤ እሱን በፎቶ ኮፒው ማሳበብም ይቻላል። በስፋት በኩል ደግሞ 127 ያመጣ ልጅ ለጣሪያው ከ4 ይልቅ 5ን ወስዷል፤ 15 አግኝቶ ሦስት አትርፏል። 136 ያመጣ ለሁለት ማካፈሉን ረስቷል። 154 ያመጣው ትንሽ ጠለቅ ያለ ስህተት ነው፤ የታችኛውን 14 በ5፣ የግራውን ደግሞ 6 በ12 አድርጎ ሁለቱንም ወስዷል። 14 እና 5፣ 6 እና 12 በወረቀቱ ላይ ተጽፈው ስለሚታዩ ይህ በጣም ያታልላል። ነገር ግን በግራ በታች በኩል ያለው 6 በ5 የሆነ ቁራጭ በሁለቱም ሬክታንግል ውስጥ አለ፤ 30 ካሬ ሁለት ጊዜ ተቆጠረ። ይህን የሠራ ልጅ እያንዳንዱን ቁራጭ በተለያየ ቀለም ይቀባ፤ ሁለት ቀለም የተደራረበበት ቦታ ካለ ያ ቦታ ሁለቴ ተቆጥሯል።

ለስፋቱ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ለማመሳከሪያ እወደዋለሁ። ማጀቱ ላይ ያለውን ባዶ ቦታ ሞልተን ሙሉ ሬክታንግል እናድርገው፦ 14 × 12 = 168። የሞላነው 8 × 7 = 56 ነው፤ እሱን ስንቀንስ 112። ጣሪያውን ስንጨምር 124። (ይህ 56 ከዙሪያው 56 ጋር የገጠመው በአጋጣሚ ነው፤ አንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ሌላው ሴንቲ ሜትር ነው፤ ልጆቹ ምሥጢር እንዳይፈልጉበት።)

በዚሁ ሙሉ ሬክታንግል ዙሪያውንም ማመሳከር ይቻላል። ጣሪያውን ለጊዜው እንተወው። ከሐ ወደ መ ከዚያም ወደ ሠ የሚሄደው ደረጃ መሰል መንገድ 8 እና 7 ነው፤ ባዶው ቦታ ሲሞላ ደግሞ ጠርዙ 7 ወደ ላይ፣ ከዚያ 8 ወደ ግራ ይሆናል። ርዝመቱ ያው 15 ነው። ስለዚህ ከሬክታንግል ጥግ ላይ ሬክታንግል ቢቆረጥ ዙሪያው አይለወጥም፦ 14 + 12 + 14 + 12 = 52። አሁን ጣሪያውን እንመልሰው፤ 6 የሆነው አናት በጣሪያው ተሸፍኖ በምትኩ 5 እና 5 ይወጣል። 52 − 6 + 10 = 56። ወንድሟ ይህን ሲያይ ደስ የሚለው ይመስለኛል፤ 8 እና 7ን ሳያወጣ እንኳ ዙሪያው ተገኘለት።

ግን ይህ አቋራጭ የሚሠራው ቁራጩ የተነሣው ከጥግ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ከጎን መሐል ከተነሣ አይሠራም። 14 በ12 ከሆነው ሬክታንግል አናት መሐል ላይ 4 ወርድና 3 ጥልቀት ያለው ቁራጭ ይነሣ እንበል። ስፋቱ ከ168 ወደ 156 ይቀንሳል። ዙሪያው ግን ይጨምራል፤ ጣታችን ወደ ጎድጓዳው 3 ይወርዳል፣ 4 ይሄዳል፣ 3 ይወጣል። አራቱ ቀድሞም ነበሩ፤ ሁለቱ ሦስቶች ግን አዲስ ናቸው። 52 የነበረው 58 ሆነ። ስፋት ሲቀንስ ዙሪያ አብሮ ይቀንሳል ብሎ የሚያምን ልጅ እዚህ ላይ ይፈተናል፤ አቋራጩን የሸመደደም እንዲሁ። እንዲህ ያለ ቅርጽ በወርክሺቱ ጀርባ ቢመጣ በጣት መዞር ብቻ ነው የሚያዋጣው።

የሚቀጥለው ጥያቄ ትራፒዝየም ነው። ከላይ 10፣ ከታች 18፣ በግራ ቀጥ ብሎ የቆመ 6 አለ፤ በቀኝ ያዘመመው ጎን ላይ ምንም አልተጻፈም። ከላይኛው ቀኝ ማዕዘን ቁልቁል መስመር ስናወርድ 10 በ6 የሆነ ሬክታንግልና መሠረቱ 18 − 10 = 8፣ ቁመቱ 6 የሆነ ጎነ ሦስት እናገኛለን። ስፋቱ 60 + 24 = 84። እዚህ ላይ ያዘመመው ጎን አላስፈለገንም፤ ለዚህም ነው አዘጋጁ ሳይጽፈው ያለፈው። በፎቶው እንደማየው ጥያቄው የሚለው «ስፋቱን አውጪ» ብቻ ነው፤ ልጅዎ ያልተጠየቀችውን ዙሪያ ለመጨመር ስትል ነው ባዶውን የሞላችው።

የሞላችው 6 ግን ልክ አይደለም፤ ሳይለካም ይታወቃል። ከላይኛው ማዕዘን ወደ ወለሉ ቀጥ ብሎ የሚወርደው መስመር 6 ነው፤ ከዚያ ማዕዘን ወደ ወለሉ የሚያደርስ ከእሱ ያነሰ መንገድ የለም፤ የሚያክለውም ሌላ የለም። ያዘመመው ወደ ጎን 8 ስለሚሄድ ከ6ም ከ8ም መብለጥ አለበት። ወለሉን ተከትሎ ተጠማዝዞ ከሚሄደው ከ6 + 8 = 14 ደግሞ ማነስ አለበት። ስለዚህ መልሱ በ8 እና በ14 መካከል ነው። እሷ የሞላችው 6 በስዕሉ ላይ የሚሆነው ያዘመመው ጎን ሳያዘም ቀጥ ብሎ ቢቆም ነበር።

በማስመሪያ በወርክሺቱ ላይ መለካትም አያዋጣም። ቅርጾቹ በልካቸው የተሣሉ አይደሉም፤ በኮፒም ተሳስበዋል። ቁጥሩን በትክክል ለማግኘት የፓይታጎረስን ሕግ የተማረ ወንድሟ በአንድ መስመር ያወጣዋል፦ 6 × 6 = 36፣ 8 × 8 = 64፣ ድምሩ 100፣ ስለዚህ ጎኑ 10። እሷ ገና ካልደረሰችበት በባለ ካሬ ደብተሯ ላይ 8 ካሬ ወደ ጎን፣ 6 ካሬ ወደ ላይ ቆጥራ ያዘመመውን መስመር ታስምር። ከዚያ ከሌላ ወረቀት የተቀደደ ቀጥ ያለ ጠርዝ በመስመሩ ላይ አስተኝታ ሁለቱን ጫፎች በእርሳስ ምልክት ታድርግ፤ ወረቀቱን አንሥታ በካሬዎቹ መስመር ላይ ስታስተኛው 10 ካሬ ይሸፍናል። የደብተሩ ካሬ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቢሆንም ችግር የለም፤ የምትቆጥረው ካሬውን እንጂ ሴንቲ ሜትሩን አይደለም። ዙሪያውን ማውጣት ከፈለገች እንግዲህ አራት ማዕዘን፣ አራት ቁጥር፦ 18 + 10 + 10 + 6 = 44 ሴንቲ ሜትር።